ሞተር ሳይክል ወይስ አነስተኛ መኪና? በለንደን ከመደበኛ ሥራ ጎን ለጎን ዴሊቨሪ ለሚሠሩ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

በለንደን ከተማ ቀን በሆስፒታል፣ በሆቴል ወይም በጽዳት ድርጅት ተቀጥረው፣ ማታ ደግሞ ምግብና ቀላል ዕቃ በማድረስ ገቢያቸውን የሚደጉሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ለሥራው መግቢያ የሚሆነው አንድ ተሽከርካሪ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ያደርሳል፣ ማታ ደግሞ የእንጀራ መሣሪያ ይሆናል። ጥያቄውም ከዚህ ይጀምራል፦ በ125 ሲሲ ስኩተር ወይስ በአንድ ሊትር ሞተር በምትሠራ አነስተኛ መኪና?

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከመሸጫ ዋጋውና ከነዳጁ ነው። ሁለቱም ስኩተሩን ርካሽ ያደርጉታል፤ ይሁንና በለንደን ውሳኔውን የሚወስኑት እነዚህ አይደሉም። ሚዛኑን የሚገለብጡት መደበኛው ሥራ የሚገኝበት ቦታ፣ የመድን ውሉ ዓይነትና ተሽከርካሪው ወይም አሽከርካሪው ከሥራ ውጭ በሚሆንባቸው ሳምንታት የሚቀረው ገቢ ናቸው።

ነገሩን ለማየት እንዲረዳ አንድ ሰው በምሳሌነት እንውሰድ። በሰሜን ለንደን ቶተንሃም ይኖራል። በመሀል ከተማ፣ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሳምንት አምስት ቀን ከጠዋቱ 8:00 እስከ ከሰዓት በኋላ 4:00 ይሠራል (በዚህ ጽሑፍ ሰዓቱም ሆነ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሳምንት አራት ምሽት ደግሞ ከ5:30 እስከ 9:00 በኢዝሊንግተን አካባቢ ምግብ ያደርሳል። በእያንዳንዱ ምሽት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል።

አስቀድሞ ካርታው

ለንደን በተሽከርካሪ ላይ የምትጥላቸው ሁለት ዋና ዋና የመንገድ ክፍያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። የመጀመሪያው በመሀል ከተማ ለሚያሽከረክሩ የሚጣለው የመጨናነቅ ክፍያ፣ ማለትም «ኮንጀስሽን ቻርጅ» ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 7:00 እስከ ምሽቱ 6:00፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከቀትር እስከ ምሽቱ 6:00 ይሠራል። ለዓመታት 15 ፓውንድ የነበረው የቀን ክፍያ ከጥር 2026 መጀመሪያ አንስቶ 18 ፓውንድ ሆኗል። ሞተር ሳይክልና ስኩተር ከዚህ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው።

የምሳሌያችን ሰው ሥራ በዚህ ቀጠና ውስጥ ነው። በመኪና ከሄደ በቀን 18፣ በሳምንት 90፣ ዕረፍትና ሕመም ተቀንሶ በዓመት 46 ሳምንት ቢሠራ ደግሞ 4,140 ፓውንድ ይከፍላል። ከ7:00 በፊት በመግባት ክፍያውን ማምለጥ ይቻላል የሚል አስተያየት ይሰማል፤ ግማሽ እውነት አለው። በ6:30 ገብቶ መኪናውን በግል ማቆሚያ ውስጥ ያሳደረ ሰው መግቢያው አያስከፍለውም። ከቀኑ 4:00 ሲወጣ ግን በክፍያው ሰዓት በቀጠናው ውስጥ እያሽከረከረ ስለሆነ የቀኑን ይከፍላል።

ሁለተኛው የልቀት ክፍያ ነው። «ዩሌዝ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ቀጠና ከነሐሴ 29 ቀን 2023 ጀምሮ ሁሉንም የለንደን አስተዳደሮች ያጠቃልላል። ከገና ዕለት በስተቀር ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ መስፈርቱን የማያሟላ መኪናም ሆነ ሞተር ሳይክል በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ይከፍላል። ሞተር ሳይክል ከዚህኛው ነፃ አይደለም። መስፈርቱ ለሞተር ሳይክል ዩሮ 3፣ ለቤንዚን መኪና ዩሮ 4፣ ለናፍታ መኪና ዩሮ 6 ነው። በጥቅሉ ሲታይ ከ2007 አጋማሽ በኋላ የተመዘገበ ሞተር ሳይክልና ከ2006 ወዲህ የተመዘገበ የቤንዚን መኪና ያልፋሉ፤ ናፍታ መኪና ግን ከ2015 መጨረሻ በኋላ የተመዘገበ መሆን አለበት። ርካሽ የናፍታ መኪና በማስታወቂያ ሲታይ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን በለንደን ትራንስፖርት ባለሥልጣን ድረ ገጽ በማስገባት ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይቻላል።

ከወንዙ ማዶ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የብላክዎል እና የሲልቨርታውን መተላለፊያ ዋሻዎች ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ያስከፍላሉ፤ በዚያ ታሪፍ መሠረት በተጨናነቀው ሰዓት መኪና 4 ፓውንድ፣ ሞተር ሳይክል ደግሞ 2 ፓውንድ ከ50 ፔንስ።

የመድን ውሉ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣውም፣ ሰዎችን የሚጎዳውም የመድን (ኢንሹራንስ) ጉዳይ ነው። በብሪታንያ የተሽከርካሪ መድን የሚሸጠው ለአጠቃቀሙ ተለይቶ ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ለግል ጉዳይ ብቻ ይፈቅዳል። ከዚያ ከፍ ያለው ወደ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ መመላለስን ይጨምራል። የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ማድረስ ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሽፋን በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሃየር ኤንድ ሪዋርድ» ይባላል፤ ዕቃን ለሌላ ሰው በክፍያ ማጓጓዝን የሚሸፍን ውል ነው። «ቢዝነስ» የሚል ቃል ያለበት ውል እንኳ ይህንን ላይጨምር ስለሚችል በውሉ ላይ በግልጽ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ስኩተሩን ለመመላለሻ ብቻ አስገብቶ ማታ ምግብ ሲያደርስ ፖሊስ ቢያስቆመው፣ ጀርባው ላይ ያለው ሣጥን ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል። ፖሊስ የውሉን ዓይነት ከመድን ሰጪው ማጣራት ይችላል። ሽፋኑ ካልተገኘ ሕጉ ጉዳዩን የሚያየው መድን እንደሌለው ሰው አድርጎ ነው፦ በቦታው 300 ፓውንድ ቅጣት፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ 6 ነጥብ፣ ተሽከርካሪውም ሊወረስ ይችላል። የተያዘውን ለማስለቀቅ የማስነሻና የየቀኑ ማቆያ ክፍያ አለ፤ ትክክለኛ መድን ሳይቀርብም አይለቀቅም። ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ በ6 ነጥብ ፈቃዱ ይሰረዝበታል፤ ከፈተናው እንደገና ይጀምራል። ቅጣቱ ከተረሳ በኋላም ነጥቡ ለዓመታት የመድን ዋጋውን ያንረዋል።

ኡበር ኢትስ፣ ዴሊቨሩ እና ጀስት ኢት ለአድራሾቻቸው የአደጋ ሽፋን እንሰጣለን ማለታቸው አንዳንዶችን ያሳስታል። እነዚህ ሽፋኖች በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተወሰነ ገንዘብ የሚከፍሉ ናቸው፤ የተሽከርካሪውን ሕጋዊ መድን አይተኩም።

ሽፋኑን የማግኛ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግል ጉዳይን፣ መመላለስንና ማድረስን በአንድ ላይ የያዘ የዓመት ውል ነው። ሌላው መደበኛውን ውል እንደያዙ፣ በመተግበሪያው ላይ ሥራ በጀመሩበት ሰዓት ብቻ የሚቆጠር የሰዓት ሽፋን መጨመር ነው። በሳምንት ከአሥር ሰዓት ባነሰ ለሚሠራ ሰው የሰዓቱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሰዓቱ ሲበዛ የዓመቱ ያዋጣል። የሰዓቱን የሚመርጥ ሰው ግን የመደበኛው ውል ባለቤት የሆነው ኩባንያ ይህን አጠቃቀም መፍቀዱን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት፤ አንዳንዱ ይከለክላልና።

ዋጋው ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ዕድሜ፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ መንጃ ፈቃዱ የተገኘበት ጊዜና ተሽከርካሪው የሚያድርበት ቦታ ይወስኑታል። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ለሚያሽከረክር አዲስ ነዋሪ በርካታ ኩባንያዎች የማድረስ ሽፋን ጨርሶ ላይሰጡ ይችላሉ። በመኪና ለዓመታት የተጠራቀመ ያለ አደጋ የማሽከርከር ቅናሽም በአብዛኛው ወደ ሞተር ሳይክል አይዛወርም። ስለዚህ የሚገዛው ተሽከርካሪ ሰሌዳ እንደታወቀ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት፣ ለሁለቱም አማራጮች የዋጋ ግምት መጠየቅ ያዋጣል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው፤ ብዙዎች ግን ከገዙ በኋላ ነው የሚያደርጉት።

ዋጋው ሲወደድ አንድ መፍትሔ በወዳጅ ዘመድ መካከል ይነገራል፦ ረጅም ልምድ ባለው አጎት ወይም ወንድም ስም ውሉን ማስገባትና ራስን ተጨማሪ አሽከርካሪ ማድረግ። ዋናው አሽከርካሪ ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ በብሪታንያ ማጭበርበር ነው። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ውሉን ሊሰርዝና ያወጣውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ውሉ የተሰረዘበት ዘመድም ወደፊት ለራሱ መድን ለማግኘት ይቸገራል።

የመንጃ ፈቃዱ

ስኩተሩ በጣም የሚስበው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በብሪታንያ የሚያገለግለው ነዋሪነት ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ሊለወጥም አይችልም። ከዚያ በኋላ መኪና ለመንዳት የለማጅ ፈቃድ ማውጣት፣ የጽሑፍ ፈተና ማለፍና የመንገድ ፈተና መውሰድ ግድ ነው። የመንገድ ፈተናው ወረፋ በለንደን ወራት ሊወስድ ይችላል።

በአንጻሩ ዕድሜው 17 የሞላው ሰው የለማጅ ፈቃድ ይዞ «ሲቢቲ» የሚባለውን መሠረታዊ ሥልጠና ካጠናቀቀ እስከ 125 ሲሲ የሚደርስ ሞተር ሳይክል ብቻውን መንዳት ይችላል። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል፤ የጽሑፍ ፈተና ማለፍ ግን ቅድመ ሁኔታው አይደለም። አሠልጣኙ ሰልጣኙ ለመንገድ አልበቃም ካለ ለሌላ ቀን ይቀጥረዋል እንጂ «ወደቀ» የሚባል ነገር የለም።

የምስክር ወረቀቱ ግን ገደቦች አሉት። ለሁለት ዓመት ብቻ ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ሙሉ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ሥልጠናውን ይደግማል። «ኤል» የሚለው ቀይ የለማጅ ምልክት ከፊትም ከኋላም መታየት አለበት። በአውራ ጎዳና (ሞተርዌይ) ላይ መንዳት ክልክል ነው። ሰው ማፈናጠጥም እንዲሁ፤ ስለዚህ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስም ሆነ እሑድ ከባለቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድ በዚህ ተሽከርካሪ አይታሰብም። ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ብቻውን ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል።

ከመንጃ ፈቃዱ በፊት የሚመጣ ሌላ ፈቃድ መኖሩም አይዘነጋም። የማድረስ ሥራ በሕግ የሚታየው እንደ ግል ሥራ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግል ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰውም እንዲሁ። የሌላ ሰው የመተግበሪያ መለያ ተከራይቶ መሥራት ለተከራዩ የስደት ጉዳይ አደገኛ ነው፤ ተሽከርካሪ ከመምረጥ በፊት ሊታይ የሚገባው ይህ ነው።

በአንድ ምሽት ውስጥ

በመተግበሪያዎቹ ክፍያ የሚገኘው በሰዓት ሳይሆን በትእዛዝ ነው። ስለዚህ በምግብ ቤቱ ደጅና በደንበኛው በር ላይ የሚባክኑት ደቂቃዎች ከመንገዱ ፍጥነት ይበልጣሉ። ኢዝሊንግተንን በመሰለ የተጠጋጋ ሰፈር አብዛኛው ትእዛዝ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ስኩተር በመኪኖች መካከል አልፎ ከመብራቱ ፊት ይቆማል። የለንደን ትራንስፖርት ባለሥልጣን በሚያስተዳድራቸው ዋና ዋና መንገዶች ላይ ያሉትን አብዛኞቹን የአውቶቡስ መስመሮችም ይጠቀማል። በካውንስሎች መንገድ ላይ ግን ሁሉም አይፈቅዱምና የሞተር ሳይክል ሥዕል ያለበትን ምልክት ማየት ያስፈልጋል።

የመኪናው ችግር ማቆሚያ ነው። በለንደን የማቆሚያ ቅጣት እስከ 160 ፓውንድ ይደርሳል፤ በ14 ቀን ውስጥ የከፈለ ግማሹን ይከፍላል። ግማሹ 80 ፓውንድ ነው፤ በትእዛዝ 5 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው የ16 ትእዛዝ ክፍያ። ምግቡ ያልተዘጋጀበት አንድ የአራት ደቂቃ ጥበቃ የአንድ ምሽት ገቢን ሊበላ ይችላል። ሞተር ሳይክልም ቢሆን በእግረኛ መንገድ ላይ ከቆመ በለንደን ይቀጣል፤ ለሞተር ሳይክል የተመደቡት ማቆሚያዎች ግን በርካታ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በነፃ፣ ሌሎቹ በክፍያ።

በምሳሌያችን ሰው በስኩተር በሰዓት በአማካይ ሁለት ተኩል፣ በመኪና ሁለት ትእዛዝ ቢያደርስ፣ ትእዛዙም 5 ፓውንድ ቢከፍል፣ በዓመት በሚሠራቸው 644 ሰዓታት በስኩተር 8,050፣ በመኪና 6,440 ፓውንድ ያገኛል። ልዩነቱን የፈጠረችው ግማሽ ትእዛዝ ናት።

ሒሳቡ ሲደመር

በሳምንት ለመመላለስ 100፣ ለማድረስ 200፣ በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በ46 ሳምንት 13,800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስኩተሩ በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ተኩል፣ መኪናው በከተማ ጉዞ ሰባት ሊትር ቢጠጣ፣ ቤንዚኑም በሊትር 1 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ቢታሰብ፣ የስኩተሩ የዓመት ነዳጅ 483፣ የመኪናው 1,352 ፓውንድ ነው።

መድኑን ለምሳሌ ያህል ለስኩተሩ 1,800፣ ለመኪናው 2,600 ፓውንድ እንያዝ። ይህ የአማካይ ዋጋ መግለጫ አይደለም፤ አንባቢው የራሱን ግምት ይተካበት። ለጥገናና ለጎማ በቅደም ተከተል 400 እና 600፣ ለመንገድ ግብርና ለዓመታዊ ምርመራ 55 እና 250 ቢጨመር፣ ስኩተሩ በዓመት 2,740 ፓውንድ አካባቢ፣ መኪናው 4,800 ፓውንድ አካባቢ ያስወጣሉ። እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። የመጨናነቅ ክፍያው 4,140 ሲታከልበት የመኪናው ወጪ ወደ 8,940 ይወጣል። በመኪና የሚገኘው የማድረስ ገቢ ደግሞ 6,440 ነበር። መኪናው ማታ ያመጣውን ጠዋት በልቶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

ይህ ማለት ግን መኪና ጨርሶ አያዋጣም ማለት አይደለም። ጠዋት መኪናውን ቤት ትቶ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በ2025 ታሪፍ አንዱን ጉዞ በ1 ፓውንድ ከ75 ፔንስ፣ የዓመቱን ሁሉ በ805 ፓውንድ ይጨርሳል። ከመመላለሻው የሚተርፈው ነዳጅም 450 ፓውንድ ያህል ነው። የመኪናው ጠቅላላ ወጪ፣ የአውቶቡሱን ጨምሮ፣ ወደ 5,160 ይወርዳል። አውቶቡሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ምሽቱን ዘግይቶ መጀመር ሊኖር ይችላል፤ የእሱ ዋጋ ግን ከ18 ፓውንድ ያነሰ ነው። መኪና ብቻ ያለው ሰው መመላለሱንና ማድረሱን በአንድ ተሽከርካሪ ማድረግ ግዴታው እንዳልሆነ ማሰብ ይኖርበታል።

ስለ ግብር ጥቂት። በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ከማድረስ የተገኘ ጠቅላላ ገቢ ለብሪታንያ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን መታወቅ አለበት፤ መተግበሪያዎቹም የአድራሾቻቸውን ገቢ ለባለሥልጣኑ ያሳውቃሉ። በ2025/26 የግብር ዓመት ወጪን በማይል ቆጥሮ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ለመኪና በማይል 45 ፔንስ (ለመጀመሪያው 10,000 ማይል)፣ ለሞተር ሳይክል 24 ፔንስ ይቀንሳል። በምሳሌያችን ይህ የመኪናውን የግብር ጫና ከስኩተሩ በ240 ፓውንድ ያህል ያቀለዋል፤ ሚዛኑን ግን አይለውጥም። የሚቆጠረው የማድረሱ ማይል ብቻ ነው። ከቤት ወደ መደበኛው ሥራ የሚደረገው ጉዞ አይቀነስም፤ ሁለቱን ቀላቅሎ ማስላት የተለመደ ስህተት ነው።

ከሥራ ውጭ የሚያደርጉ ነገሮች

እስከ አሁን የተባለው ስኩተሩን የሚያግዝ ነው። አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያለው ይታይ። በብሪታንያ መንገዶች ከሚደረገው ጉዞ የሞተር ሳይክል ድርሻ አንድ በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። በከተማ ውስጥ የተለመደው አደጋ መኪና ከጎን መንገድ ሲወጣ ወይም ሲታጠፍ ስኩተሩን ሳያይ ሲቀር የሚደርሰው ነው። በታኅሣሥ ለንደን ከቀኑ 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ዝናብ የነካው የብረት ክዳንና የመንገድ ቀለም ጎማን ያንሸራትታል። የምሽቱ ሥራ የሚበዛውም በዚያው በዝናቡ ምሽት ነው፤ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲጠላ ትእዛዝ ይጨምራል።

ከመኪና ጋር ሲተያይ ትልቁ ልዩነት ከሞት ስጋቱም ባሻገር በቀላል አደጋ ላይ ይታያል። በቀስታ የተጋጨ መኪና መከላከያው ይሰበራል፤ በዚያው ፍጥነት የወደቀ ሰው የእጁ አንጓ ወይም የትከሻው አጥንት ይሰበራል፤ ለስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይም ከሥራ ውጭ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቀረው የማታው ገቢ ብቻ አይደለም፤ በጉልበት የሚሠራው መደበኛ ሥራም ይቋረጣል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2023 የዴሊቨሩ አድራሾች ከኩባንያው ጋር የቅጥር ግንኙነት የላቸውም ብሎ የወሰነ በመሆኑ፣ ከዚያ ሥራ እንደ ተቀጣሪ የሕመም ክፍያ መጠበቅ አይቻልም። ለሁለት ወር የሚበቃ ተቀማጭ ገንዘብ የሌለው ሰው የስኩተሩን ቁጠባ ሲያሰላ ይህንን ሊያስገባ ይገባል።

የራስ ቁር በሕግ ግዴታ ነው። ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና በትከሻና በክርን ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት በሕግ ባይጠየቁም፣ ከላይ የተባሉትን ስብራቶች የሚቀንሱት እነሱ ናቸው። የመንግሥት የራስ ቁር መመዘኛ የሆነው «ሻርፕ» ለየሞዴሉ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ ርካሽ ሆነው ከፍተኛ ኮከብ ያገኙም አሉ። ለጠቅላላው ልብስ 400 ፓውንድ መያዝ ከልክ ያለፈ አይደለም።

ሌላው ስርቆት ነው። ስኩተር ሁለት ሰው አንሥቶ ሊጭነው የሚችል ዕቃ ነው፤ የመሪ ቁልፉም በጉልበት ይሰበራል። ለማድረስ ሥራ የሚሸጡ ርካሽ የመድን ውሎች ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ብቻ ናቸው፤ ስኩተሩ ቢሰረቅ ባለቤቱ ምንም አያገኝም። ስርቆትን የሚሸፍን ውልም ቢሆን ቁልፉ ላዩ ላይ ተትቶ ወይም ሞተሩ እየሠራ ከተሰረቀ አይከፍልም። ምግብ ለማንሣት «ለአንዲት ደቂቃ» ሲባል የሚደረገው ደግሞ ይኸው ነው። ማታ ወፍራም ሰንሰለትን ከተቆፈረ የብረት መያዣ ወይም ከማይነቀል ነገር ጋር ማሰር፣ በሥራ ሰዓት ደግሞ የፍሬን ዲስክ ቁልፍ መጠቀም የተለመደ ነው። ግቢ ወይም ጋራዥ የሌለው፣ ከፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በዚህ ረገድ መኪና ይሻለዋል።

መኪናው የሚያሸንፍበት ሁኔታ

ምሳሌውን እንለውጠው። ሌላ ሰው በደቡብ ለንደን ክሮይደን ይኖራል፤ በሂትሮው አየር ማረፊያ በሌሊት የሚጀምር ፈረቃ ይሠራል። ፈጣኑ መንገድ ኤም 25 አውራ ጎዳና ነው፤ የለማጅ ምልክት ያለበት ስኩተር እዚያ አይገባም። በከተማ ውስጥ ባሉት መንገዶች መሄድ ቢቻልም፣ በክረምት ሌሊት በ125 ሲሲ በየቀኑ ያን ያህል መንገድ መመላለስ አድካሚ ነው። መንገዱ ከመጨናነቅ ክፍያው ቀጠና ውጭ ስለሆነም መኪናውን የጣለው የ4,140 ፓውንድ ሸክም የለም።

በዳርቻ ሰፈሮች የሥራው ጠባይም ይለያል። ምግብ ቤቶች ይራራቃሉ፤ ትእዛዙ ከሱፐርማርኬት የሚወጣ የሳምንት አስቤዛ ወይም የእሽግ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ስድስት ጠርሙስ ውኃና ሁለት ከረጢት ድንች በስኩተር ሣጥን አይገቡም። በሰፊ መንገድና ማቆሚያ በማይቸግርበት ሰፈር የስኩተሩ የግማሽ ትእዛዝ ብልጫም ይጠፋል። ለዚህ ሰው የሁለት ሺህ ፓውንድ የወጪ ልዩነት ለደኅንነት፣ ለቤተሰብና ለሰፊ የዕቃ ቦታ የተከፈለ ነው ሊባል ይችላል።

ከመክፈል በፊት

ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዛ ሁለቱንም የሚመለከት ነፃ ምርመራ አለ። የሰሌዳ ቁጥሩን በ gov.uk ላይ በማስገባት የዓመታዊ ምርመራውን ታሪክ ማየት ይቻላል። በየዓመቱ የተመዘገበው የተጓዘበት ርቀት ይታያል፤ ካለፈው ዓመት የቀነሰ ቁጥር ካለ ቆጣሪው ተነካክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፈታሹ ለወደፊት ይታይ ብሎ የጻፋቸው ማስጠንቀቂያዎችም እዚያው አሉ፤ ባለቤቱ ያላነሣውን ችግር እነሱ ይናገራሉ።

ለስኩተር በተለይ የቁልፉ ማስገቢያ መቧጨሩን፣ የመሪው መቆለፊያ መሥራቱን፣ በሻሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከመመዝገቢያ ደብተሩ ጋር መመሳሰሉን ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተቀብቶ ከተገኘ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ መተው ነው። ደብተሩ ተሽከርካሪውን ያስመዘገበውን ሰው እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ሻጩን በደብተሩ ላይ ባለው አድራሻ ማግኘትና ደረሰኝ መቀበል ይመረጣል። ለማድረስ የዋለ ስኩተር ከሆነ ደግሞ የኋላ ጎማው መሀሉ ጠፍጥፎ ይታያል፤ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቺንጋውና ክላቹ አልቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ የሚጠብቅ ከሆነም ቀዝቅዞ ሲነሣ ለማየት በሌላ ቀን መመለስ ነው።